የተቀበልኩትን ስኮላርሺፕ በቤተሰብ ምክንያት ልተወው ነው፤ ለለጋሿ የምጽፈውን ደብዳቤ እዩልኝ

የበኩር_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሎኛል። ትምህርቱ የውኃ ሀብት ምህንድስና ነው። አብሮ ስኮላርሺፕም መጣልኝ። ገንዘቡን ያቋቋሙት ከሀገር ከወጡ ብዙ ዘመን የሆናቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ በእናታቸው ስም ነው የሰየሙት። በመጋቢት መጨረሻ «ተቀብያለሁ» ብዬ ፈርሜ ላክሁ። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠው አይ-20 የሚባለው ቅጽ ወጣልኝ፣ የውጭ ተማሪዎች መዝገብ የሆነውን የሴቪስን 350 ዶላር ውጭ ያለች አክስቴ ከፈለችልኝ፣ የኤምባሲ ቀጠሮዬም ሐምሌ ላይ ነው።

ግንቦት ላይ አባቴን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተርፏል፣ ተመስገን። ግን ያለ ሰው እርዳታ አይነሳም። እናቴ ደብረ ብርሃን ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ እሱን ስታስታምም ሱቁ ተዘጋ። ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉ፣ አንዱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። እኔ እዚሁ ሀገር መንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ቤቱ አሁን የቆመው በእኔ ደሞዝ ነው። ስለዚህ አልሄድም። ቤት ውስጥ ተነጋግረንበታል።

የቸገረኝ ደብዳቤው ነው። ለዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ መጻፍ አያቅተኝም። ለለጋሿ ግን በአማርኛ መጻፍ ፈለግሁ። የጀመርኩት እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩና ለተወደዱ ወይዘሮ …፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከአምላክ ቸርነት ጋር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በታላቅ ኀፍረትና በእንባ ነው። አባቴ በግንቦት ወር በድንገተኛ ስትሮክ ተመትቶ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ ንግግሩም ተይዟል፣ የደም ግፊቱም አልወርድ ብሎ ሐኪሞች ብዙ መድኃኒት አዘውለታል። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ መምጣቱ የሚሆንልኝ አይመስለኝም። ያደረጉልኝን ውለታ ዕድሜ ልኬን ከፍዬ አልጨርሰውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደግሜ ደጋግሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምናልባት ፈቃድዎ ቢሆንና ለሚመጣው ዓመት ቢያቆዩልኝ…»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ምን ይቀነስ? ምን ይጨመር? ለማንስ ነው የሚላከው? አድራሻቸው የለኝም።

---

ሶሎ_ቦሌ

እህቴ እግዜር አባትሽን ይማርልሽ። ግን አትቸኩይ። ቪዛ እንዲህ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን ይሄ አይጣልም። ሂጂና እዚያ ሆነሽ ላኪላቸው። በዶላር የሚላክና በብር የምታገኚው አንድ ነው እንዴ? ካልሆነም ቀጠሮሽ ላይ ቅረቢ፣ ቪዛውን ውሰጂና ይቀመጥ። ከዚያ ታስቢበታለሽ።

---

ትዕግሥት_ዘ_ጀርመን

እኔም ይሄ ደርሶብኛል፣ ስለዚህ ላስጠንቅቅሽ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ እናቴ ታማ አቋርጬ ስመለስ የወሰድኩትን የወር አበል በከፊል መልሺ ተባልኩ። ውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ያልጨረስኩበት ወር ሁሉ ተቆጠረብኝ። በክፍያ በክፍያ ነው የጨረስኩት። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ስንት እንደሚጠይቁሽ እወቂ። «አልመጣም» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ መደራደሪያ አይኖርሽም።

---

የበኩር_ልጅ

ትዕግሥት አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ ገና አልጀመርኩም። አንድ ሳንቲም አልተቀበልኩም። አይ-20ውን ብቻ ነው የላኩልኝ።

---

ከቢሮው_ወዲህ

እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው የምሠራው። ያንቺ ዩኒቨርሲቲ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። መሠረቱ ግን ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ ሶሎ ያለውን ላንሳ። ላለመሄድ ከወሰነች በኋላ ቆንስሉ ፊት ቀርባ «በነሐሴ ትምህርት እጀምራለሁ» ማለት ውሸት ነው። ለቪዛ ሲባል የተነገረ ውሸት ከተያዘ ዕድሜ ልክ የሚያስከለክል ነገር ነው። «ይቀመጥ» የሚባል የተማሪ ቪዛ የለም። ሄዶ መላኩም ቢሆን፣ በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ መሥራት የሚችለው ግቢ ውስጥ፣ ያውም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ከዚያ የቤት ኪራይና ምግብ ሲነሳ የሚተርፈውን ያየ ያውቀዋል።

ትዕግሥት ያለችው እውነት ነው፣ ግን ለሷ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። የሚመለሰው የተከፈለ ገንዘብ ነው። ስኮላርሺፕ የሚለቀቀው ተማሪው ተመዝግቦ ትምህርት ሲጀመር ነው። አሁን የሚመለስ ነገር የለም። አክስትሽ የከፈሉት 350 ዶላር ግን ተመላሽ አይሆንም። የኤምባሲው የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላርም ተከፍሎ ከሆነ እንደዚያው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንድ ደብዳቤ አይደለም የሚያስፈልግሽ፣ ሁለት ነው። ረቂቅሽ አስቸጋሪ የሆነው ሁለቱን አንድ ላይ ስለያዘ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ደረቅ ነው፣ ለዩኒቨርሲቲው ይሄዳል። በፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ሙሉ ስምሽ፣ የተማሪ ቁጥርሽ፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የምትጀምሪበት ወቅት፣ የስኮላርሺፑ ሙሉ ስም፣ የተቀበልሽበት ቀን። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «በቤተሰቤ ሁኔታ መለወጥ ምክንያት የሰጠሁትን የመቀበል ቃል አንስቻለሁ።» መጨረሻ ላይ በጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲልኩልሽ ትጠይቂያለሽ። አለቀ። ባመለከትሽበት ኢሜል ላኪው። የመግቢያ ቢሮውን፣ የትምህርት ክፍሉን አስተባባሪ፣ የስኮላርሺፕ ቢሮውንና አይ-20 የሰጠሽን ቢሮ በአንድ መልእክት ላይ አድርጊያቸው። ለየብቻ ሲላክ እያንዳንዱ ቢሮ ሌላው የጨረሰው እየመሰለው ይተኛበታል። በየዓመቱ የማየው ነገር ነው።

ሁለተኛው የለጋሿ ነው፤ እሱ የሰው ደብዳቤ ነው። አድራሻቸውን አትፈልጊ። የስኮላርሺፕ ቢሮው ወይም የለጋሾች ጉዳይ የሚይዘው ክፍል ያስተላልፍልሻል። ለዚህ የተቀመጡ ሰዎች አሉ፤ አማርኛ ቢሆንም ያስተላልፉታል፣ አጠር ያለ የእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ከሥሩ አድርጊ።

---

ናቲ_ግራድ

አንድ ነገር ረስታችኋል። የአሜሪካ ግራጁዌት ስኩሎች የተፈራረሙት የኤፕሪል 15 ስምምነት አለ። ከዚያ ቀን በፊት ሐሳብሽን መለወጥ ትችያለሽ፣ ካለፈ በኋላ ግን ከትምህርት ክፍሉ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ዝም ብለሽ «ትቻለሁ» ማለት አትችይም። አሁን ሰኔ ነው፣ ኤፕሪል 15 ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል።

---

ከቢሮው_ወዲህ

ናቲ፣ ስምምነቱ አለ፣ ቀኑንም በትክክል ይዘኸዋል። ግን የተደረገው ተማሪ የአንዱን ትምህርት ቤት ገንዘብ ተቀብሎ ዘግይቶ ወደ ሌላው እንዳይዘል ነው። የመልቀቂያ ነገር ይነሳ የነበረውም የሌላ ትምህርት ቤት ገንዘብ ልትቀበይ ስትይ ነው፤ አሁን ስምምነቱ እሱንም አይጠይቅም። እሷ የትም እየሄደች አይደለም። አልመጣም ያለን ሰው በግድ የሚያመጣ ውል የለም።

ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ቀን ነው። አዲስ ተማሪ ፕሮግራሙ ከሚጀምርበት ቀን አንስቶ በ30 ቀን ውስጥ ሴቪስ ላይ መመዝገብ አለበት። ቀድመሽ ካሳወቅሽ አይ-20ውን እኛ ራሳችን እንሰርዘዋለን፤ መዝገብሽ ላይ «ተሰርዟል» ብሎ ይቀራል፣ ንጹሕ ነው። ዝም ካልሽና ቀኑ ካለፈ ግን «ሳይቀርብ ቀረ» ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። ወንጀል አይደለም፣ ቪዛ ስላልወሰድሽም ብዙ አይጎዳሽም። ግን ወደፊት እንደገና ስታመለክቺ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ነገር ለምን ይኑር? የማረጋገጫውን ኢሜል አስቀምጪ።

የኤምባሲ ቀጠሮሽንም ሰርዢው። ቀጠሮ አጥቶ የሚያድር ተማሪ ብዙ ነው።

---

ሶሎ_ቦሌ

እሺ፣ የቪዛውን ነገር ሰምቻለሁ። ግን ቢያንስ «ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉልኝ» ለምን አትልም? ረቂቋ ላይ ጽፋዋለች እኮ።

---

ከቢሮው_ወዲህ

ትበል። ግን ለለጋሿ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው፣ ደግሞም የመተዉን ደብዳቤ ከመላኳ በፊት። አንዳንድ ቦታ የተማሪው ገጽ ላይ መተዉን የሚያረጋግጥ አዝራር አለ፤ አንዴ ከተጫኑት መመለሻ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው ይቅደም።

ሁለት ነገር ለይታችሁ እዩ። የመግቢያ ቦታውን ለአንድ ዓመት ማሸጋገር ብዙ ትምህርት ክፍሎች ይፈቅዳሉ። ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። በሰው ስም የተቋቋመ ስኮላርሺፕ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ በየዓመቱ ከትርፉ ጥቂት እጅ ብቻ ወጪ ይሆናል። ለምሳሌ 500,000 ዶላር ተቀምጦ በዓመት 4 ከመቶ ቢወጣለት 20,000 ዶላር ነው። ያ የዘንድሮ ድርሻ ነው። አንቺ ካልወሰድሽው ቢሮው ለሚቀጥለው እጩ ይሰጠዋል፣ ወይም ወደ ገንዘቡ ይመልሰዋል፤ ለጋሿ ሲያቋቁሙት በፈረሙት ስምምነት ላይ ነው የሚወሰነው። በስምሽ ታስሮ የሚጠብቅ ሣጥን የለም። ለዚህም ነው ለሳቸው «ያቆዩልኝ» ብሎ መጻፍ የማይመቸው። ብዙውን ጊዜ መራጩም እሳቸው አይደሉም። ልብ ያላቸው ሴት ከሆኑ ማድረግ የማይችሉትን ነገር ጠየቅሻቸው ማለት ነው።

---

የሜሪላንድ_ጋሼ

ልጄ፣ እኔ የምናገረው ከሰጪው ወገን ሆኜ ነው። እዚህ ያለን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ለጥቂት ልጆች የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም፤ ከታክሲ ሹፌሩም ከነርሷም የተዋጣ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶን ያውቃል።

አንድ ሰው ገንዘቡን ሲተው ሰጪው አይቀየምም። የሚያስቀይመው ዝምታ ነው። አንድ ልጅ ተቀብያለሁ ብሎ ጠፋብን፣ ስልክ አያነሳም። በጥቅምት ነው ሌላ ሀገር መሄዱን የሰማነው። በተጠባባቂነት የያዝናት ልጅ በዚያ ጊዜ ሌላ አማራጭ ፈልጋ ነበር። ገንዘቡ በዚያ ዓመት ለማንም ሳይሆን ቀረ። ሰኔ ላይ ነግሮን ቢሆን ምንም አልነበረም።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። እንባሽ ገብቶኛል። ግን እኒያ ሴት አሮጊት ከሆኑ፣ ግራ ጎን አልታዘዝ አለ የሚለውን ሲያነቡ የሚይዙትን ያጣሉ። «ገንዘብ ልላክላት ይሆን?» ብለው ይጨነቃሉ። አንቺ ያንን እየጠየቅሽ አይደለም፣ ደብዳቤሽ ግን የሚጠይቅ ይመስላል። የአባትሽንም ገመና አስቢ። ደብዳቤ በቢሮ በኩል ሲሄድ የሚያነበው ሰው ብዙ ነው። «አባቴ በጠና ታመመ» ይበቃል። ሁሉም ሰው አባት አለው፣ ይገባዋል።

---

ማሂ_ገብርኤል

እኔ እሱንም አልጽፍም። «የቤተሰብ ሁኔታ» ማለት በቂ ነው። ምክንያት ማብራራት ግዴታ የለብሽም።

---

የሜሪላንድ_ጋሼ

ለቢሮው ልክ ነሽ ማሂ። ለሰውዬዋ ግን «የቤተሰብ ሁኔታ» የሚል ብቻ ሲመጣልኝ እኔ የምረዳው «ሌላ የተሻለ አገኘሁ» የሚለውን ነው። ሰው ሲዋሽ የሚጽፈው እሱን ስለሆነ።

---

ቀይ_እስክሪብቶ

መምህር ነኝ፣ የሰው ጽሑፍ ስነካ ነው የምውለው፤ ካልተቀየምሽ ረቂቅሽ ውስጥ ልግባ።

ትልቁ ችግር አንድ ሐረግ ነው፦ «ዘንድሮ መምጣቱ የሚሆንልኝ አይመስለኝም።» ይህ ውሳኔ አይደለም። ወግ ነው፣ ትሕትናው ይገባኛል፤ እኛ ሀገር «አልችልም» ብሎ ቁርጡን መናገር ይከብዳል። ያነበቡት ሴት ግን ትመጣለች ወይስ አትመጣም ብለው ይቸገራሉ። ቢሮውም «አስባ ስትጨርስ ታሳውቀናለች» ብሎ ያስቀምጠዋል። «ስኮላርሺፑን እንደማልጠቀምበት ለመንገር ነው» በይ፣ ቁርጥ አድርጊው። ከዚያ በኋላ ያለው ትሕትና ሁሉ ያምርበታል።

ሁለተኛ፣ ይቅርታው በዛ። አንድ ጊዜ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፣ ምክንያቱም ያጠፋሽው ነገር የለም። ይቅርታ ሲደጋገም እሳቸው ተነስተው ሊያጽናኑሽ ይገባል ማለት ነው። ማመስገን የመጣሽ ሰው አስተዛዛኝ እንዳታደርጊያቸው።

ሦስተኛ፣ «ውለታዎን ከፍዬ አልጨርሰውም» የሚለው ያልተወሰደ ብር ላይ የተጻፈ ዕዳ ነው። አውጪው። በምትኩ ምስጋናሽ የሚጨበጥ ነገር ይያዝ። ይህን ስኮላርሺፕ ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? በእናታቸው ስም ነው ብለሻል። ስለ እናታቸው የምታውቂው ነገር አለ? ካለ እሱን ጻፊ። «ለሰጡኝ ዕድል አመሰግናለሁ» ማንም ለማንም ይጽፈዋል።

ሰላምታው ላይ «እንደምን ሰንብተዋል» የሚለውን ብዙ ሰው አውጪ ይልሽ ይሆናል። እኔ ብታወጪውም ብታቆዪውም ግድ የለኝም። ግን «እኔ ደህና ነኝ» ብለሽ ቀጥለሽ በእንባ ነው የምጽፈው ማለት አይሄድም።

---

የበኩር_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ለትምህርት ክፍሉ ጻፍኩ። መልሳቸው ከቢሮው ወዲህ እንዳለው ነው። የመግቢያ ቦታዬን ለአንድ ዓመት ሊያሸጋግሩልኝ ይችላሉ፤ ገንዘቡ ግን አይሸጋገርም፣ ከፈለግሁ በሚመጣው ዓመት ከሌሎች ጋር እንደገና እወዳደራለሁ። ቦታው ይሸጋገርልኝ አልኩ፣ ስኮላርሺፑን ተውኩ። ለአራቱም ቢሮ በአንድ ኢሜል ላክሁት።

የለጋሿን ደብዳቤ ደግሞ እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

«ለተከበሩ ወይዘሮ …፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ።

በእናትዎ ስም ያቋቋሙት ስኮላርሺፕ በመጋቢት ወር ተሰጥቶኝ በደስታ ተቀብዬ ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ስኮላርሺፑን እንደማልጠቀምበት ለመንገርና እርስዎን ለማመስገን ነው። በግንቦት ወር አባቴ በጠና ታመመ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝና አሁን ከቤተሰቤ ርቄ መሄድ አልችልም። ውሳኔዬን ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ አሳውቄያለሁ።

ከስኮላርሺፑ ጋር የእናትዎ ታሪክ ተልኮልኝ ነበር። ፊደል ሳይቆጥሩ ልጆቻቸውን ሁሉ ማስተማራቸውን፣ ማለዳ ውኃ ቀድተው ሳይመለሱ ትምህርት ቤቱ ይደወል እንደነበር አነበብኩ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «አንቺም የምታጠኚው ስለ ውኃ ነው፤ ሰምተው ቢሆን ደስ ይላቸው ነበር» አለችኝ። የገጠር ምንጮችን ስለ ማጎልበት ማመልከቻዬ ላይ የጻፍኩትን አልተውኩትም። ለተማሪዎቼ የማስተምረው እሱኑ ነው።

የእናትዎን ስም የያዘው ዕድል ሳይዘገይ ለሌላ ተማሪ እንዲደርስ ምኞቴ ነው። ከልብ አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በአክብሮት፣
…»

---

ቀይ_እስክሪብቶ

ይሄማ ሌላ ደብዳቤ ነው። «ይደወል እንደነበር» የሚለው ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ፦ «ሰምተው ቢሆን» ሳይሆን «ሰምተው ቢሆን ኖሮ» ይሁን። ሌላውን አትንኪው።

---

ማሂ_ገብርኤል

ደብዳቤው ቆንጆ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የመግቢያ ቦታሽን ለሚመጣው ዓመት አሸጋግረሻል። ለሳቸው አልነገርሻቸውም። በሚመጣው ዓመት ለዚሁ ስኮላርሺፕ ብትወዳደሪ ስምሽን ሲያዩ «ትታው አልነበር እንዴ?» አይሉም?

---

የበኩር_ልጅ

አስቤበታለሁ ማሂ። ብጽፈው ደግሞ «ጠብቁኝ» ማለት ይመስልብኛል። በዚያ ላይ የአባቴን ነገር በዓመት ውስጥ ማን ያውቃል?

---

ከቢሮው_ወዲህ

አልተዋሸም። የተወችው የዘንድሮውን ገንዘብ ነው፣ ደብዳቤውም ስለሱ ነው። መሸጋገሩ የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ነው፣ ፋይሉ ውስጥ አለ።

---

የሜሪላንድ_ጋሼ

እኔ ብሆን ማወቅ እመርጣለሁ። አንዲት አጭር ሐረግ ትበቃለች፦ «ዩኒቨርሲቲው ቦታዬን ለአንድ ዓመት አሸጋግሮልኛል።» ልመና የለበትም፣ ወሬ ነው። ግን ደብዳቤው ያንቺ ነው ልጄ።

---

ሶሎ_ቦሌ

እኔ ደግሞ «ለሌላ ተማሪ» ሳይሆን «ለሌላ ኢትዮጵያዊ ተማሪ» ብትይ ባይ ነኝ። እድሉ ወደ ሌላ ሀገር ልጅ ከሄደ ያንገበግባል። እሳቸውም የኛው ሰው ናቸው።

---

ከቢሮው_ወዲህ

ለማን እንደሚሰጥ እሳቸው ሲያቋቁሙት ጽፈውታል። ለሀበሻ ብቻ ከሆነ ቀድሞም ለሀበሻ ነው፣ ለሁሉም ከሆነ ደግሞ ሳይጠየቁ እንዲለውጡት መንገር ይሆናል። «ለሌላ ተማሪ» ይቆይ።

---

ሶሎ_ቦሌ

የሰው ምኞት መጻፍ ነውር ሆነ እንዴ? እኔ አልተዋጠልኝም።

---

አብርሽ_ከሐዋሳ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው የማስተምረው ብለሻል። የትምህርት ፈቃድ ጠይቀሽ ነበር? ውል ፈርመሽ ዋስ አቅርበሽ ከሆነ እዚያም መጻፍ አለብሽ። የኛ ክፍል አንድ ልጅ ጉዞው ሲቀር ለውጭው ብቻ አሳውቆ እዚህ ዝም አለ። መስከረም ላይ በትምህርት ፈቃድ ላይ ነው ተብሎ ደሞዙ ታገደ፣ ኮርሶቹም ለሌላ ሰው ተሰጡ። ውሉን አፍርሶ ዋሱን ነፃ ለማውጣት የፈጀበት ጊዜ አይነሳ።

---

የበኩር_ልጅ

አብርሽ፣ ይሄን ማንም አላነሳልኝም ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ ከክፍሌ ወጥቶ ወደ ሰው ሀብት ሄዷል፤ ውሉ ግን ገና አልተፈረመም፣ ዋስ ያልኩት አጎቴም ገና አልቀረበም። ሰኞ ሄጄ ጥያቄዬን በጽሑፍ አነሳለሁ። ለሚመጣው ሴሚስተር የኮርስ ድልድል ሳይወጣ ክፍሉ ኃላፊ ጋ መድረስ አለብኝ።

ከዩኒቨርሲቲው በኩል ማረጋገጫው ዛሬ መጣ። የውጭ ተማሪዎች ቢሮው አይ-20ው መሰረዙን ጻፈልኝ፤ ለሚመጣው ዓመት በአዲስ ቀን ሌላ እንደሚወጣልኝም ነገረኝ። የስኮላርሺፕ ቢሮዋ ሴት ደግሞ ደብዳቤውን ለለጋሿ እንደምታስተላልፍ ነግራኛለች፤ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ብቻ ጠይቃኛለች፣ አሁን እሱን እየጻፍኩ ነው። የኤምባሲውን ቀጠሮ ሰርዣለሁ።

ጋሼ፣ ያሉትን ሐረግ ጨምሬዋለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው ያስገባሁት። ከቢሮው ወዲህ፣ አንተ እዚህ ላይ አትስማማ ይሆናል፣ ይቅር በለኝ።

---

ከቢሮው_ወዲህ

ሴቪስ ላይ የተከፈለውን 350 ዶላር ጉዳይ አዲሱ አይ-20 ሲወጣ ቢሮውን ጠይቂያቸው። ቁጥሩ ያው ከሆነ ክፍያው አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ ከተለወጠ ደግሞ ወደ አዲሱ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይነግሩሻል። ደረሰኙን አክስትሽ ጋ አስቀምጪ፣ ሳይጠፋ።

---

ትዕግሥት_ዘ_ጀርመን

ይቅርታ፣ እኔ መጀመሪያ ላይ ትምህርት ጀምራ ያቋረጠች መስሎኝ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ለኔ ዓይነቱ፣ ግማሽ ላይ ላቋረጠ ሰው፣ ለለጋሽ የሚጻፈው ደብዳቤም እንዲህ ነው? እኔ እስከ ዛሬ አልጻፍኩላቸውም።

---

የሜሪላንድ_ጋሼ

ጻፊላቸው።